የገጽ ዘጠኙ መነጽር

ሐይቅ፣ ግንቦት 26 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢቲሳም ሀሚዱ፣
ኩዌት

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? የዚያ አገር ሙቀትስ እንዴት አድርጎሻል? እኔ አለሁ። ስድስት ሳምንት ሙሉ መልስ ሳልጽፍልሽ በመቅረቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። አልታመምኩም፣ ሥራም አልበዛብኝም፤ ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር ደግሞ ምን ሥራ አለው? ታሪክሽን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስልክ ላይ መነካካቱ ስለማይሆንልኝ በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ልኬልሻለሁ። ጽሑፌ ካልታየሽ አጉልተሽ አንብቢው።

"አይራሩልኝ፣ እንደ ድሮው ክፍል ውስጥ ይቆጡኝ" ብለሻል። እንግዲህ አንቺው የጠራሽው ነውና ቻዪው።

ከገጽ አንድ እስከ አራት ያለው ጥሩ ነው። ዓሣ አጥማጁ ማህዲ ጎህ ሲቀድ መረብ ሲስብ፣ ከጎረቤቱ ጋር ሲሟገት፣ በራፉ ላይ ሳይደርስ ገና ከመንገድ "እናንተ ሰዎች!" እያለ ሲጮህ አየሁት። ለአንድ ጠዋት አራት ገጽ ሰጥተሻል፤ አልሰለቸኝም። ገጽ አምስት ላይ ታጣቂዎቹ መጥተው ሸክም ያሸክሙትና ይዘውት ይሄዳሉ። ከዚያስ? ገጽ ስድስት "አሥር ቀን አለፈ" ብሎ ይጀምራል። አንባቢን አራት ገጽ ሙሉ መረብ ስታስጎትቺው ቆይተሽ፣ ሰውየው ነፍስ ግቢ ነፍስ ውጪ ላይ ሲደርስ በሦስት ቃል ትዘይዋለሽ? ሩጫው የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ትንፏቀቂያለሽ፣ መቆም የሚገባሽ ቦታ ላይ ትሮጫለሽ። አካሄድ ማለት ይኼ ነው።

ሁለተኛ፣ አንጻርሽ ፈርሷል። ታሪኩን የምትነግረን ባሕር ማዶ ያለች ልጅ ናት። ያላት ጆሮና ስልክ ብቻ ነው። ገጽ አምስት ላይ ግን ድንገት "ማህዲ ሸክሙን ሲያነሳ ልጁን አሰበ፣ ሆዱ ባባ" ትያለሽ። ሆዱን ማን አየለት? ልጅቷ አልነበረችም። ወይ በእሷ ጆሮ ጽኚ፣ ወይ ከመጀመሪያው ጀምሮ እሱ ውስጥ ግቢ።

ሦስተኛ፣ መጨረሻው። በአሥራ አንደኛው ቀን ማህዲ በእግሩ መጥቶ በሩ ላይ ይቆማል፣ ውሃ ይለምናል፣ ልጅቷ በስልክ ሰምታ በደስታ ታለቅሳለች። ይኼ ታሪኩ ያመጣው መጨረሻ አይደለም። አንቺ ስለፈለግሽው የመጣ ነው። ገጽ ዘጠኝን ሙሉውን አውጪው። ገጽ ስምንት ላይ ስልኩ ሲጮህ ልጅቷ ለማንሳት ፈርታ ስትቆም ጨርሺው።

ስለ አባትሽ ጤና የጠየቅሽኝን ወንድምሽ ሙስዓብ ቢነግርሽ ይሻላል። እኔ ሰሞኑን ወደ እናንተ ቤት ብቅ አላልኩም።

መምህርሽ አስረስ

---

ኩዌት፣ ሰኔ 3 ቀን 2014

ለጋሼ አስረስ፣

ሰላም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ይሁን። ስለደከሙልኝ አላህ ይስጥልኝ። አሁን ግን ልቆጣ ነው፤ ቁጣውን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ገጽ ዘጠኝን እኮ አልፈጠርኩትም! ሙስዓብ በስልክ የነገረኝን ቃል በቃል ነው ያሰፈርኩት። ማህዲ ያልኩት አባቴ መሆኑን ሐይቅ ውስጥ የማያውቅ አለ? ኅዳር ላይ ወሰዱት፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ እኔ እዚህ የሰው ልብስ እየተኮስኩ አበድኩ፤ መስመሩ ሲመለስ ሙስዓብ "በአሥራ አንደኛው ቀን በእግሩ መጣ" አለኝ። ያን ቀን የማዳምን መጋረጃ አቃጥያለሁ። ታዲያ እርስዎ "አንቺ ስለፈለግሽው የመጣ ነው" ሲሉኝ ምን ልበል? አዎ፣ ፈልጌዋለሁ! የአባቴን መምጣት ካልፈለግሁ ምን ልፈልግ?

ስለ አንጻሩ ያሉት ልክ ነው፣ አስተካክለዋለሁ። "ሆዱ ባባ" ወጥቷል። አሥሩን ቀን ግን ከየት አምጥቼ ልሙላው? ሙስዓብን ስጠይቀው "ያለፈውን ተይው" ይለኛል። እማዬን ስጠይቃት ስለ ዝናቡ ታወራኛለች። አባዬ ራሱ ከዚያ ወዲህ ጆሮው ደክሟል እየተባለ ስልክ አይሰጡኝም። በየሶላቱ "ያረብ አሽረው" እላለሁ። የማላውቀውን ልፍጠር? ከፈጠርኩ ደግሞ "ማን አየለት?" ይሉኛል።

ታሪኩን የምልክለት፣ ደሴ የሚታተመው የልቦለድ መድብል እስከ ሐምሌ ሃያ ብቻ ነው የሚቀበለው። የሌላውን ሁሉ እርምት እቀበላለሁ። ገጽ ዘጠኝ ግን ይቆያል።

ተማሪዎ ኢቲሳም

---

ሐይቅ፣ ሰኔ 11 ቀን 2014

ለኢቲሳም፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰላም ነኝ። አንቺም ሰላም እንደሆንሽ ከቁጣሽ ገብቶኛል።

"የተደረገ ነገር ነው" ማለት መልስ አይሆንም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይኼን የማይሉኝ ተማሪዎች አልነበሩም። በሕይወት ውስጥ ነገር ሲደርስ ማንንም አያስፈቅድም፤ ታሪክ ውስጥ ግን አንባቢው "ለምን?" ይላል፣ መልሱንም ካለፉት ገጾች ውስጥ ይፈልጋል። ካላገኘው ደራሲው ዋሽቶኛል ብሎ ይነሳል። ደራሲው እውነቱን እየተናገረ ቢሆንም እንኳ።

አትሰሚኝምና በጣቴ ላሳይሽ። የገጽ አንዱ ማህዲ ገና ከመንገድ እየጮኸ የሚመጣ ሰው ነው። የገጽ ዘጠኙ ሰውዬ ግን በገዛ ቤቱ በር ላይ ድምፁን አጥፍቶ ይቆማል። በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ "ትንሽ ውሃ ብታቀምሱኝ" ይላል። አይገባም፣ አይቀመጥም። ሰው በመከራ ይለወጣል ትዪኝ ይሆናል። ይለወጣል። የሚለወጠው ግን በእነዚያ በአሥሩ ቀን ውስጥ ነው፣ እነሱን ደግሞ አልጻፍሻቸውም። ስለዚህ እኔ የማነበው አንድ ሰው ሄዶ ሌላ ሰው ሲመለስ ነው!

ይባስ ብሎ ገጽ ሁለት ላይ ማህዲ ፊደል እንዳልቆጠረ፣ ዓይኑ ግን ከባሕሩ ማዶ ያለችውን ታንኳ እንደሚለይ ጽፈሻል። ገጽ ዘጠኝ ላይ "አንዱ መስታወት የተሰነጠቀ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ" ትያለሽ። የምን መነጽር? ይኼ ሰውዬ መነጽር ከየት አመጣ? እንዲህ ያለ ስህተት ዘጠነኛ ክፍል እያለሽ እንኳ አትሠሪም ነበር። ሳታዪ የሰማሽውን ስለለጠፍሽ ነው።

ገጽ ዘጠኝ ይውጣ። እንደ መምህርሽ ነው የምነግርሽ፤ ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

አስረስ

---

ኩዌት፣ ሰኔ 15 ቀን 2014

ጋሼ፣

ሰላምታ የለኝም።

ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ሙስዓብ ጋ ደወልኩ። ለመናደድ ነበር የደወልኩት፤ እርስዎን ለመርታት። "አባዬ መነጽር ማድረግ የጀመረው መቼ ነው?" አልኩት። "የምን መነጽር?" አለ። "አንተው ነህ የነገርከኝ፤ አንዱ መስታወት ተሰንጥቆ፣ በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ ብለኸኛል" አልኩት። "እሱማ የጋሽ አስረስ..." ብሎ ቆመ። ከዚያ ያ ትልቅ ሰውዬ፣ ወንድሜ፣ እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ። ሌላ አልጠየቅሁትም። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

እናንተ ሰዎች ምን ነካችሁ? ሰባት ወር! ሰባት ወር ሙሉ "ያረብ አሽረው" ስል ነበር። ለሞተ ሰው! "ማረው" ማለት ሲገባኝ። ትናንት የሐይቅ ልጆችን ጠየቅኋቸው፤ ራህማ ታውቃለች፣ ኢስሃቅ ያውቃል፣ እዚሁ ኩዌት ተቀምጠው ሁሉም ያውቃሉ። ባለፈው ረመዳን አብረን አፍጥረናል። "አባትሽስ እንዴት ነው?" ብለው ጠይቀውኛል እኮ፣ ወላሂ! "ደህና ነው፣ ጆሮው ነው እንጂ" ብያቸው አንገታቸውን ነቅንቀዋል።

እርስዎ ደግሞ ከሁሉም ይብሳሉ። ሌሎቹ ዝም አሉኝ። እርስዎ ግን ስለ አካሄድ አስተማሩኝ፣ ስለ አንጻር አስተማሩኝ፣ የሞተ አባቴን መምጣት "ታሪኩ ያመጣው መጨረሻ አይደለም" ብለው በቀይ አሰመሩበት። "ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ" አሉኝ። ይኼ ነው ትምህርቱ?

አሁን የምጠይቅዎትን ይጻፉልኝ። አብረው ተወስደው ነበር ማለት ነው። እኔ የሌለኝን አሥር ቀን እርስዎ አለዎት። በራስዎ ዓይን ብቻ። ያላዩትን አይጻፉ፣ ያዩትን አይዝለሉ። "የአላህ ፈቃድ ነው" ብለው እንዳይዘጉብኝ። ለተማሪዎችዎ የሚሰጡትን ሥራ ለአንድ ቀን እርስዎ ይሥሩት።

ኢቲሳም

---

ሐይቅ፣ ሰኔ 21 ቀን 2014

ለልጄ ለኢቲሳም፣

አላህ ያጽናሽ። እንዲህ ባለ ወረቀት ልልሽ አልፈለግሁም ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም ብለን የተስማማነው ሁላችንም ነን፤ እናትሽ፣ ሼሁ፣ እኔ፣ ጎረቤቱ ሁሉ። በሰው ቤት ብቻዋን ሆና ሰምታ የሚይዛት ሳይኖር ብትወድቅስ አልን። አገሯ ስትገባ፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ከቧት፣ የሚያቅፏት ሴቶች ተቀምጠው ይነገራት አልን። ክፋት አልነበረውም። ሙስዓብም ውሸት ስለማይችል በዓይኑ ያየውን መምጣት ነው የነገረሽ። በራችሁ ላይ ቆሜ ውሃ የለመንኩት እኔ ነኝ። ወደ ቤቴ ሳልሄድ በቀጥታ ወደ እናንተ መጥቼ ነበር፣ ልነግራቸው። መግባት አቃተኝ።

የጠየቅሽው ይኸውልሽ።

"ኅዳር አራት ቀን ጠዋት ከገበያው ጀርባ ሰበሰቡን። ሀሚዱና እኔ ጎን ለጎን ነበርን። ዱቄት አሸክመው እስከ ውጫሌ በአስፋልቱ ነዱን። ከውጫሌ ወደ ላይ ወደ አምባሰል አወጡን። አምባሰል ከሩቅ ሲያዩት ዘፈን የሚያስዘፍን፣ ሲወጡት ግን ነፍስ የሚነሳ ተራራ ነው። ገደሉ በግራ፣ ገደሉ በቀኝ፤ ጉም ከሥር እየመጣ እግራችንን ይሸፍነው ነበር። ከላይ ንስር ይዞራል። የጥንት ነገሥታት መሳፍንቱን በግሸን አምባ ያስሩ የነበረው ለምን እንደሆነ ገባኝ። ስንበላ ጥሬ ሽንብራ፣ ስንተኛ ድንጋይ ላይ። በስድስተኛው ቀን ሀሚዱን ደከመው። ተቀመጠ። ከዚያ ወረድን። በአሥራ አንደኛው ቀን ሐይቅ ገባሁ። ሀሚዱ ደግ ሰው ነበር፤ ሠላሳ ዓመት በጉርብትና ኖረናል፣ አንድ ቀን ክፉ ቃል ሳይናገረኝ። ነፍሱን በገነት ያኑራት።"

ይኼው ነው ልጄ። ከዚህ ወዲያ ምን ይጨመራል?

አስረስ

---

ኩዌት፣ ሰኔ 26 ቀን 2014

ለጋሼ አስረስ፣

ሥራዎን አንብቤ አርሜዋለሁ። እርስዎ ባስተማሩኝ መንገድ።

አካሄድ። ግማሹ የሚያወራው ስለ ተራራው ነው። ተራራውን አውቀዋለሁ፣ ከትምህርት ቤታችን መስኮት ይታየኝ ነበር። ንስሩንም ነገሥታቱንም ያውጧቸው። ጌጥ የሚበዛው ጸሐፊው ወደፊት ያለውን ነገር ሲፈራ ነው ይሉን ነበር። ከጌጡ በኋላ አባቴ በሁለት ቃል ይደክመዋል፣ በአንድ ቃል ይቀመጣል፣ በሁለት ቃል እርስዎ ይወርዳሉ። የእኔ "አሥር ቀን አለፈ" ከዚህ በምን ይብሳል? በመቀመጡና በመውረዱ መሃል ስንት ደቂቃ አለ? የእኔ ታሪክ ያለው እዚያ መሃል ነው።

አንጻር። "ወረድን" ይላሉ። እነማን? እስከ አምስተኛው ቀን ያለው "እኛ" አባቴና እርስዎ ናችሁ። አባቴ ከተቀመጠ በኋላ ያለው "እኛ" ግን ማን ነው? በሐይቅ በር ላይ ሲደርሱ ደግሞ "ገባሁ" ይሆናል። "እኛ" ውስጥ ተደብቀው ወጡ። "እኔ" ብለው እንደገና ይጻፉት።

መጨረሻ። "ደግ ሰው ነበር" የለቅሶ ቤት ቃል ነው። ታሪኩ ያመጣው አይደለም። እርስዎ ስለፈለጉት የመጣ ነው።

ክፋት አልነበረውም ብለዋል። መርዶውን ለእኔ ብላችሁ ደበቃችሁት፣ እሺ። ይኼንን መሃሉን ግን ለማን ብለው ነው የደበቁት? እንደገና ይሥሩት፤ ለእኔ ብለው ሳይሆን ለራስዎ። ሳይሠሩት ደብዳቤ አይላኩልኝ፣ አልከፍተውም።

ኢቲሳም

---

ሐይቅ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2014

ለኢቲሳም፣

ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ይኼ አራተኛው ነው።

"ሀሚዱ በቀኜ ነበር። ኩርባው ላይ ሲደርስ ዱቄቱን አወረደና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። 'አስረስ፣ ጉልበቴ እምቢ አለ። ትንሽ አብረኸኝ ተቀመጥ' አለኝ። ባለጠመንጃው ከኋላ ሃያ እርምጃ ያህል ይርቃል፤ ገና አላየንም። ብቀመጥ ሁለታችንንም ይመቱናል ብዬ አሰብኩ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። ያን ሰዓት ያሰብኩት ስለ ጫማዬ ነው። የግራው ሶሉ ተገንጥሎ በገመድ አስሬዋለሁ፤ ከተቀመጥኩ እንደገና አልነሳም ብዬ ፈራሁ። 'አንተ ተቀመጥ፣ እኔ ውሃ ይዤልህ እመጣለሁ' አልኩት። ውሃ የት እንዳለ አላውቅም ነበር። 'አብሽር' አለኝ። እሱ ነው እኔን አብሽር ያለኝ። ሄድኩ። 'አስረስ!' ብሎ ጠራኝ። ሰማሁት። አልዞርኩም። ሁለተኛ 'አስረስ!' አለ። ኩርባውን ዞርኩ። ጥይት አልሰማሁም። ምን እንደሆነ አላየሁም።

ከአራት ቀን በኋላ ሲለቁኝ ወደ ታች የሚያወርዱ ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንዱ በዚያ ኩርባ ያልፋል፣ ያጥራልም። እኔ በረጅሙ ወረድኩ።"

ከዚህ በኋላ ያለውን አላየሁም፤ የሰማሁትን ለይቼ ልንገርሽ። እዚያው አገር ታረቀኝ የሚባል ገበሬ አባትሽን በማግስቱ አግኝቶታል። ተቀምጦ እንዳለ፣ ቁስል ሳይኖርበት። ታረቀኝ ክርስቲያን ነው፤ አባትሽ ሙስሊም መሆኑን ከኮፍያው ሲያውቅ ከታች መንደር ሰው አስጠርቶ፣ አሳጥቦ፣ አሰግዶ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አስመልሶ ቀብሮታል። መቃብሩን በድንጋይ ከቦታል። ሙስዓብ ሄዶ አይቷል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። እናትሽ ዙለይሃ ስትጠይቀኝ "እጄ ላይ ነው ያረፈው" ብያታለሁ። "አልሐምዱሊላህ፣ ብቻውን አልሞተም" አለች። ከዚያ ወዲህ ባየችኝ ቁጥር ትመርቀኛለች። ወደ ቤታችሁ መሄድ የተውኩት ለዚያ ነው።

ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት አፍ የለኝም። ግን እለምንሻለሁ።

አስረስ

---

ኩዌት፣ ሐምሌ 14 ቀን 2014

ለጋሼ አስረስ፣

አሰላሙ አለይኩም። ዛሬ ሰላምታ አለኝ።

በሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገደውን ሶላተል ጋኢብ ሰግጄለታለሁ። ራህማና ሌሎቹ ሴቶች ዓርብ ከሰዓት መጥተው አብረውኝ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ሰደብኳቸው፣ ከዚያ አቀፉኝ።

ሥራዎን አነበብኩት። የማርመው የለኝም። ጫማው ልክ ነው። በረጅሙ መንገድ መውረድዎ ልክ ነው። እንደዚህ መጻፍ የሚችሉ ሰው እንደሆኑ አላውቅም ነበር፣ ያናደደኝም እሱ ነው።

ታሪኩን ትናንት ወደ ደሴ ልኬዋለሁ። ገጽ ዘጠኝን አውጥቼዋለሁ፤ እንዳሉት ታሪኩ ያመጣው አልነበረም። ከስድስት እስከ ስምንት ባሉት ገጾች ምትክ የእርስዎን ጽሑፍ አስገብቼዋለሁ። አንጻሩ እንዳይፈርስ ልጅቷ ከመምህሯ የተላከላትን ደብዳቤ ስታነብ አድርጌዋለሁ፤ አንድም መስመር አልነካሁበትም። ታሪኩ የሚያልቀው ሁለተኛ ሲጠራዎት ነው። አባቴን ማህዲ ብዬ ትቼዋለሁ፣ የሰፈሩንም ስም ለውጫለሁ። የተጠራውን ስም ግን ልለውጥ ሞክሬ ሌላ ስም እምቢ አለኝ። አባቴ የጠራው እርስዎን ነው።

ይቅርታ ስለለመኑኝ፦ ልጅቷ መምህሯን ይቅር የምትልበትን መጨረሻ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። አንዱ ላይ ደብዳቤ ትጽፍለታለች፣ ሌላው ላይ አገሯ ገብታ እግሩ ላይ ይወድቃል። ሁለቱንም አንብቤ ሰረዝኳቸው። እስካሁን ባለው ውስጥ የሚያመጣቸው ነገር አጣሁ። ይኼን ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ ይገባዎታል።

መድብሉ መስከረም ላይ ይወጣል። እማዬ ማንበብ እንደማትችል ያውቃሉ። ለሙስዓብ እንዳያነብላት ነግሬዋለሁ። እርስዎ ይሂዱ፤ በሩ ላይ አይቁሙ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ እሷም ትቀመጥ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ሳይቸኩሉ ያንብቡላት። ኩርባው ላይ ሲደርሱ ስምዎን ጮክ አድርገው ያንብቡት፣ ሁለቱንም ጊዜ። ከዚያ በኋላ እማዬ ያለችውን አንዲት ቃል ሳይዘሉ ይጻፉልኝ።

ኢቲሳም ሀሚዱ